R² 0.995 ነው፤ ውኃው ግን ብረት አለው

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቁጥርም አለበት። ስለ ውኃ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ስለ በጀት፣ ስለ ቧንቧና ስለ ኮንትራክተር ሲከራከር ከርሟል። እኔ ዛሬ ማንም የማይከራከርበትን ቦታ መርጫለሁ፤ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሰመረውን ቀጥ ያለች መስመር። ክሴም ግልጽ ነው። የውኃ ምርመራ ወረቀት ላይ "R² ከ0.99 በላይ ነው" ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ውጤቱን መቀበል ልማድ ሆኗል፤ ይህ ልማድ ማንም ሳይዋሽ የውሸት ውጤት ያወጣል።

ጉዳዩ ለምን የምዕራብ ሐረርጌ ጉዳይ እንደሆነ ልናገር። ከጭሮ፣ ብዙዎቻችን ዛሬም አሰበ ተፈሪ ከምንላት ከተማ፣ ወደ ሂርና ወይም ወደ በዴሳ ብትሄዱ የጨርጨር ደጋ ነው፤ ምንጭ አለ። ወደ ምኤሶና ወደ አሰቦት ስትወርዱ ግን አገሩ ቆላ ይሆናል፤ ሰውም ከብቱም ዓይኑን የሚጥለው ከጥልቅ ጉድጓድ በሚወጣ ውኃ ላይ ነው። የጥልቅ ጉድጓድ ውኃ ደግሞ አንድ ጠባይ አለው። ከመሬት በታች አየር ስለሌለ ብረት በውኃው ውስጥ ሟሙቶ ይቀመጣል፤ ሲቀዳ ጥርት ያለ ነው። አየር ካገኘው በኋላ ብረቱ ይዝጋል፤ ጄሪካኑ ሥሩ ይቀላል፤ ሻይ ይጠቁራል፤ ነጭ ነጠላ ታጥቦ ሲደርቅ ቢጫ ቢጫ ይላል። ሁሉም ጉድጓድ እንዲህ ነው አልልም። ሲሆን ግን መጀመሪያ የሚያውቁት ልብስ የሚያጥቡት እናቶች ናቸው።

የኢትዮጵያ የመጠጥ ውኃ ደረጃ ለብረት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 0.3 ሚሊ ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ልብስና ዕቃ የሚበላሸው ከዚሁ ከ0.3 በላይ ሲሆን ነው ይላል። እንግዲህ እንበልና ከአንድ ጉድጓድ ናሙና ተወሰደ። እናቶቹ "ልብሳችንን አበላሸው" ይላሉ። ወረቀቱ ደግሞ "ብረት 0.09፣ በደረጃው ውስጥ" ብሎ መጣ። ማንን ታምናላችሁ? ቢሮው ወረቀቱን ያምናል፤ ማኅተም አለበትና። እኔ ግን ሁለቱን ወገኖች ትቼ ወረቀቱ እንዴት እንደተሠራ ላሳያችሁ።

መለኪያው መሣሪያ ዩቪ-ቪዚብል ስፔክትሮፎቶሜትር ይባላል። ለብረት ሲሆን ዩቪው ስሙ ላይ ብቻ ነው፤ የምንጠቀመው ዓይን የሚያየውን ብርሃን ነው። መሣሪያው ብረት ምን እንደሆነ አያውቅም። የሚያውቀው የገባው ብርሃን ስንቱ እንደወጣ፣ ስንቱ እንደቀረ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ብረቱን ቀለም እናለብሰዋለን። ከናሙናው 50 ሚሊ ሊትር ይወሰዳል፤ ጥቂት ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ሃይድሮክሲላሚን ተጨምሮበት ይፈላል። አሲዱ የዛገውን ብረት ያሟሟል፤ ሃይድሮክሲላሚኑ ደግሞ ብረቱን ሁሉ ወደ አንድ ዓይነት፣ ወደ ፌረስ፣ ይመልሰዋል። ከቀዘቀዘ በኋላ አሲዱን የሚያለዝብ የአሴቴት በፈርና ፌናንትሮሊን የሚባል ኬሚካል ይገባል፤ ከዚያ በ100 ሚሊ ሊትር ፍላስክ እስከ ምልክቱ በተጣራ ውኃ ይሞላል። ሦስት የፌናንትሮሊን ሞለኪውሎች አንዱን ብረት ከበው ብርቱካንማ ቀይ ቀለም ይሰጣሉ። አሥር ደቂቃ ይጠበቃል፤ ከዚያ በ510 ናኖ ሜትር ይነበባል። ዘዴው አሮጌና የታመነ ነው፤ ፎርቹንና ሜለን በ1938 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ዝርዝሩን አጥንተው አሳትመውታል። ከዘዴው ጋር ጠብ የለኝም።

መሣሪያው ብረትን ስለማያውቅ ማስተማር ያስፈልጋል። ማስተማሪያው ስታንዳርድ ነው። 0.702 ግራም ፌረስ አሞኒየም ሰልፌት በትንሽ አሲድ አሟሙቶ አንድ ሊትር ቢያደርጉት በሊትር 100 ሚሊ ግራም ብረት ያለው መፍትሔ ይሆናል። ከዚህ 1፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8 እና 10 ሚሊ ሊትር እየወሰዱ በየ100 ሚሊ ሊትሩ ፍላስክ ቢያስገቡ ፍላስኮቹ በሊትር 1፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8 እና 10 ሚሊ ግራም ይይዛሉ። ብረት የሌለበት፣ ኬሚካሉ ብቻ ያለበት አንድ ፍላስክ ደግሞ ብላንክ ይሆናል፤ መሣሪያው በእሱ ዜሮ ይደረጋል። ሁሉም እንደ ናሙናው እኩል ኬሚካል ያገኛሉ። ከዚያ በአንድ በኩል የብረቱን መጠን፣ በሌላ በኩል የተነበበውን አብዞርባንስ አድርጎ መስመር ማስመር ነው። የካሊብሬሽን ኩርባ የሚባለው ይኸው ነው። ስሙ ኩርባ ቢሆንም ሁሉም ቀጥ እንዲል ይመኛል።

ቀጥ የሚልበት ምክንያት አለው። የቢር ሕግ እንደሚለው አብዞርባንስና የብረቱ መጠን አብረው እኩል ይጨምራሉ፤ ብረቱ እጥፍ ሲሆን ንባቡም እጥፍ ይሆናል። የዚህ ቀይ ውሕድ ብርሃን የመምጠጥ ኃይል የታወቀ ነው፤ በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩቬት በሊትር 1 ሚሊ ግራም ብረት 0.199 ገደማ መስጠት አለበት። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

አብዞርባንስ ግን ተራ ሚዛን አይደለም፤ በአሥር እጥፍ የሚወርድ ደረጃ ነው። ንባቡ 1 ከሆነ ከመቶ እጅ የሚያልፈው ብርሃን አሥር ብቻ ነው። 2 ከሆነ አንድ እጅ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ሁሉም መሣሪያ ትንሽ የባዘነ ብርሃን አለው፤ መስተዋቱ ሲያረጅ፣ አቧራ ሲይዝ፣ ክዳኑ በደንብ ሳይገጥም ሲቀር በናሙናው ሳይጣራ ወደ መቀበያው የሚደርስ ብርሃን ማለት ነው። ይህ የባዘነ ብርሃን አንድ በመቶ ቢሆን ቀለሙ ቀጭን በሆነ ፍላስክ ላይ ማንም አያየውም፤ ስልሳ ሦስት እጅ በሚያልፍበት አንድ እጅ ቢጨመር ምን ይታወቃል? አንድ እጅ ብቻ ማለፍ በነበረበት ወፍራም ቀለም ላይ ግን ሁለት እጅ አለፈ ማለት ነው። መሣሪያው "ብዙ ብርሃን አልፏል፤ ስለዚህ ብረቱ ያንሳል" ይላል። መስመሩ ከላይ መጉበጥ የሚጀምረው እዚህ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ከዚህ በታች ያሉት ንባቦች ከማንም ላቦራቶሪ የተወሰዱ አይደሉም፤ ከላይ ካልኩት 0.199 እና ከአንድ በመቶ የባዘነ ብርሃን ራሴ ያሰላኋቸው ናቸው። ማንም በወረቀት ሊደግማቸው ይችላል። በፍላስኩ ያለው ብረት በግራ፣ ንባቡ በቀኝ ነው።

0 → 0.000
1 → 0.197
2 → 0.392
4 → 0.774
6 → 1.135
8 → 1.453
10 → 1.698

እነዚህን ኤክሴል ላይ አስገብታችሁ መስመር አስምሩ ብትሉት y = 0.1729x + 0.0413 ይላችኋል። R² ደግሞ 0.995 ይሆናል። 0.995! ግራፉን ከሩቅ ብታዩት ነጥቦቹ መስመሩ ላይ የተሰለፉ ይመስላሉ። አማካሪው ይፈርማል፤ ፈታኙ ራሱን ይነቀንቃል፤ ቢሮው ማኅተሙን ያሳርፋል።

አሁን ያንን የጉድጓድ ውኃ እናምጣ። እውነተኛው ብረቱ በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም ነው እንበል፤ ከደረጃው በላይ ነው፣ ልብስ ያበላሻል። 50 ሚሊ ሊትሩ በ100 ፍላስክ ስለተሟላ ፍላስኩ ውስጥ ያለው 0.25 ነው። መሣሪያው 0.049 ያነባል፤ እዚህ ላይ መሣሪያው በትክክል ነው ያነበበው፤ ቀለሙ ቀጭን ስለሆነ የባዘነው ብርሃን አልነካውም። ከዚህ ንባብ 0.0413 ቀንሳችሁ በ0.1729 ብታካፍሉ 0.045 አካባቢ ታገኛላችሁ፤ በሁለት ስታባዙት 0.09 ነው። ግማሽ ሚሊ ግራም የነበረው ወረቀቱ ላይ አምስት እጥፍ ወርዶ "በደረጃው ውስጥ" ሆነ። ብረቱ 0.4 ቢሆን ኖሮማ መልሱ ከዜሮ በታች ይወጣ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ "አልተገኘም" ተብሎ ይጻፋል።

ነገሩን ልብ በሉት። መሣሪያው የደከመው ከላይ ነው፤ የተጎዳው ግን ከታች ያለው ናሙና ነው። ብዙ ሰው የመስመር መጉበጥን ሲሰማ "እኔ ዝቅተኛ ናሙና ነው የምለካው፣ አይመለከተኝም" ይላል። ይመለከተዋል። 8 እና 10 ያሉት ስታንዳርዶች ጎብጠው መስመሩን ወደ ታች ሲጎትቱት፣ ቀጥ ያለ መስመር እንደ እንጨት ነውና፣ ሌላው ጫፉ ከፍ ይላል። ያ ከፍ ያለ ጫፍ ነው 0.0413 የሆነው። ብላንኩ 0.000 ብሎ ያነበበውን ፍላስክ መስመሩ "0.041 ማንበብ ነበረበት" ይላል። ይህ ትርፍ ወደ ውኃው መጠን ሲመለስ በሊትር 0.48 ሚሊ ግራም ያህል ነው። የስሕተቱ መጠን ብቻውን ከአገሪቱ ደረጃ ይበልጣል ማለት ነው።

ታዲያ R² ይህን ለምን አልተናገረም? ሥራው ስላልሆነ። R² የሚለካው ነጥቦቹ ሲወጡ ሲወርዱ ያሳዩት ልዩነት ምን ያህሉ በመስመሩ እንደተገለጸ ነው። ከዜሮ እስከ አሥር ስትዘረጉት የነጥቦቹ ልዩነት ራሱ ግዙፍ ስለሆነ ትንሿ ጉብጠት ተውጣ ትቀራለች። መስመሩ ይጎብጥ አይጎብጥ፣ ታችኛው ጫፍ ይመን አይታመን አይጠየቅም። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ምሁር ፍራንሲስ አንስኮምብ በ1973 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አራት የቁጥር ስብስቦችን አቅርቦ ነበር፤ የአራቱም መስመር አንድ ነው፣ የአራቱም R² አንድ ነው፣ ግራፋቸው ሲሳል ግን አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ቅስት ነው። ሐምሳ ዓመት አለፈው። እኛ ግን ዛሬም ምስክር አድርገን የምንጠራው R²ን ነው።

ትክክለኛው ምስክር ቀላል ነው፤ ቀሪ ልዩነት ይባላል። መሣሪያው ካነበበው ላይ መስመሩ የሚለውን መቀነስ ነው። መጠኖቹ በA ዓምድ፣ ንባቦቹ በB ዓምድ ከሁለተኛው ረድፍ እስከ ስምንተኛው ካሉ፣ በC2 ላይ ይህን ጽፎ ወደ ታች መጎተት ብቻ ነው፦

```
=B2-(SLOPE(B$2:B$8,A$2:A$8)*A2+INTERCEPT(B$2:B$8,A$2:A$8))
```

በእኛ ምሳሌ የሚወጣው በቅደም ተከተል ይህ ነው፦ −0.041፣ −0.017፣ +0.005፣ +0.041፣ +0.056፣ +0.029፣ −0.072። ቁጥሮቹን ተዉና ምልክቶቹን ብቻ ተመልከቱ። ከታች ሁለት ጊዜ ቀናሽ፣ መሐል ላይ አራት ጊዜ ደማሪ፣ ጫፍ ላይ እንደገና ቀናሽ። ይህ ቅስት ነው። የእጅ ስሕተት፣ የፒፔት ስሕተት ቢሆን ኖሮ ደማሪና ቀናሹ ዝብርቅርቁ በወጣ ነበር፤ ስሕተት ተሰልፎ አይመጣም። ተሰልፎ ከመጣ መስመሩ ራሱ ለእነዚህ ነጥቦች አልተገባም ማለት ነው።

ሌላም መንገድ አለ፤ ኤክሴል የሌለው ሰው በእጁ ይሠራዋል። እያንዳንዱን ንባብ በራሱ መጠን አካፍሉ። 1 ላይ 0.197፣ 2 ላይ 0.196፣ 4 ላይ 0.194፣ 6 ላይ 0.189፣ 8 ላይ 0.182፣ 10 ላይ 0.170 ይሰጣል። አንድ ሚሊ ግራም ብረት ከታች 0.197 የሚያወጣ ከሆነ ከላይ ለምን 0.170 ብቻ ያወጣል? ብረቱ አልተለወጠም። እስከ 4 ድረስ ልዩነቱ ከሁለት በመቶ ያነሰ ነው፤ ከ6 ጀምሮ ይንሸራተታል። ስለዚህ የዚህ መሣሪያ የቀጥታ ወሰን እስከ 4 ነው ብሎ መወሰን ይቻላል፤ 6፣ 8 እና 10 ከመስመሩ ይወጣሉ። በቀሩት አራት ነጥቦች መስመሩ y = 0.1933x + 0.0024 ይሆናል፤ ያው 0.049 ያነበበው የጉድጓድ ውኃ አሁን 0.48 ይላል። እውነቱ 0.5 ነበር። ያው መሣሪያ፣ ያው ናሙና፣ ያው ንባብ ነው፤ የተለወጠው ሦስት ነጥብ መጣሉ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልጠት ሲሠራ አያለሁ፤ "መስመሩን በዜሮ እንዲያልፍ አስገድደው" የሚባል። ለዝቅተኛው ናሙና ጉዳቱን ይቀንሰዋል፤ ግን ጉብጠቱን አያቃናም፤ ወደ መሐል ያዛውረዋል እንጂ። በምሳሌያችን ፍላስኩ ውስጥ 4 የያዘው 4.33 ተብሎ ይወጣል። የጎበጠ ነገር በምስማር ቢመታ አይቀናም።

ከስታንዳርዱ በላይ የሆነ ናሙና ሲመጣስ? ብረቱ በሊትር 18 ሚሊ ግራም የሆነ ውኃ እንውሰድ፤ ፍላስኩ ውስጥ 9 ነው። መሣሪያው 1.586 ያነባል። መስመራችን እስከ 4 ብቻ የታመነ ነው፤ አንዳንዱ ግን መስመሩን በአየር ላይ ዘርግቶ 16.4 ብሎ ይጽፋል። ትክክለኛው ሥራ ማቅጠን ነው። ቀለም የያዘውን መፍትሔ አምስት እጥፍ ብታቀጥኑት ንባቡ የ1.586 አንድ አምስተኛ፣ 0.317፣ መሆን ነበረበት። የሚነበበው ግን 0.353 ነው። ይህ ልዩነት ራሱ ማስረጃ ነው፤ የመጀመሪያው ንባብ ተቆርጦ ነበር። ከ0.353 ስትነሡ፣ በአምስትም በሁለትም አባዝታችሁ 18.1 ታገኛላችሁ። በ16.4 እና በ18.1 መካከል ያለው ልዩነት ለብረት ማጣሪያ ስሌት ትርፍ ቁጥር አይደለም።

ማቅጠን ላይ ግን ብዙ ሰው የማይለየው አንድ ወጥመድ አለ፤ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ብርሃኑ አይደለም። አንዳንዴ ፌናንትሮሊኑ ነው ያለቀው። በተለመደው አሠራር በሊትር አንድ ግራም የሆነው የፌናንትሮሊን መፍትሔ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር የሚበቃው ቢበዛ ለ100 ማይክሮ ግራም ብረት ነው። ብዙ ጊዜ የሚጨመረው ደግሞ 4 ሚሊ ሊትር ነው፤ እሱ የሚበቃው በፍላስኩ በሊትር እስከ 4 ሚሊ ግራም ገደማ ለሚደርስ ብረት ነው። ከላይ በሠራነው ምሳሌ 15 ሚሊ ሊትር እንደተጨመረ ቁጠሩት፤ ጥፋቱ የብርሃኑ ብቻ እንዲሆን። በ4 ሚሊ ሊትር ቢሆን ግን 6ም፣ 8ም፣ 10ም ሁሉም 0.75 አካባቢ ያነቡ ነበር። ብረቱ አለ፤ የሚያለብሰው ቀለም የለም።

የሁለቱ በሽታ መልክ ይለያያል። የባዘነ ብርሃን መስመሩን ቀስ እያለ፣ ንባቡ ከ1 ካለፈ በኋላ እየባሰ ያጎብጠዋል። የፌናንትሮሊን ማለቅ ግን እንደ ጉልበት በአንዴ ያጥፈዋል፤ ከዚያ በኋላ መስመሩ ጠፍጣፋ ነው፤ እጥፋቱም ንባቡ 1 ሳይደርስ ሊመጣ ይችላል። ማቅጠኑም ይለያቸዋል። ቀለም ከያዘ በኋላ በተጣራ ውኃ ብቻ ስታቀጥኑት ንባቡ በትክክል በልኩ ከወረደና ውጤቱ ያው ዝቅተኛ ከሆነ፣ ነገር ግን ጥሬውን ናሙና አቅጥናችሁ ከመጀመሪያው እንደገና ስትሠሩት ውጤቱ ከፍ ካለ፣ ያለቀው ኬሚካሉ ነው። ቀለም የያዘው ሲቀጥን ከልኩ በላይ ካነበበ ግን ብርሃኑ ነው። ስለዚህ ያልታወቀ ናሙና ሲመጣ ጥሬውን ማቅጠን ይሻላል፤ ሁለቱንም በሽታ አንድ ላይ ያልፋል። ፌናንትሮሊን ውድ ነው፤ ቆጥቦ መጨመር የሚያጓጓውም ለዚህ ነው። የተቆጠበው ግን በውጤቱ ላይ ይከፈላል።

የሚሰጡኝን መልሶች አውቃቸዋለሁ። አንደኛው "ብረት መርዝ አይደለም፣ ምን አጨቃጨቀህ" የሚለው ነው። እውነት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በዚህ መጠን ለብረት የጤና ገደብ አላስቀመጠም፤ 0.3 የጣዕምና የቀለም ገደብ ነው። ነገር ግን ሰው ቀይ ውኃ አይጠጣም። ጉድጓዱን ትቶ ወደ ኩሬውና ወደ ወንዙ ይመለሳል፤ እዚያ ያለውን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። "ብረት የለውም" የተባለ ጉድጓድ አየር ማስገቢያና የአሸዋ ማጣሪያ አይሠራለትም፤ ለሌለ ችግር በጀት አይያዝምና። ቧንቧው በዝገት ጠብቦ ሲዘጋ ደግሞ ጥፋቱ የሠፈሩ ሰው ይሆናል።

ሁለተኛው መልስ የአቅም ነው፤ መብራት ይጠፋል፣ የተጣራ ውኃ ያልቃል፣ መሣሪያው አሮጌ ነው ይባላል። ይህን ያለ ክርክር እቀበላለሁ። ግን እስካሁን ከጠየቅኩት የትኛው ነው አዲስ መሣሪያ የሚያስፈልገው? አሮጌው መሣሪያ እስከ 4 ድረስ እውነት ይናገር ነበር። 10 ድረስ እንዲናገር ያስገደደው ሰው ነው። ስታንዳርዶቹን ዝቅ አድርጎ 0.1፣ 0.25፣ 0.5፣ 1፣ 2፣ 4 ማድረግ ኬሚካል ይቆጥባል እንጂ አይጨምርም።

አንድ ነገር ግን ለፍትሕ ልጨምር፤ ጥሩ መስመርም ሁሉን አያውቅም። የጤፍ ብረት ጉዳይ ከስድሳ ዓመት በላይ ያከራከረን ለዚህ ነው። በ1963 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አልምጎርድ የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ የጤፉ ከፍተኛ ብረት ብዙው በአውድማ ላይ በበሬ ኮቴ ከሚገባው አፈር የመጣ ነው ብሎ ነበር። መሣሪያው የአፈሩን ብረትና የእህሉን ብረት አይለይም፤ መስመሩ የቱንም ያህል ቀጥ ቢል። ለውኃም እንደዚሁ ነው። ከምኤሶ የተቀዳ ናሙና ሳይመረዝ፣ ማለትም ሲቀዳ ወዲያው አሲድ ሳይጨመርበት፣ መንገድ ላይ ውሎ ካደረ ብረቱ ዝጎ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይቀራል፤ ላቦራቶሪው የሚለካው የተረፈውን ነው። ያ የመስመሩ ጥፋት አይደለም።

ጭሮ ዛሬ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ ናሙና ሁሉ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር አልፎ አዲስ አበባ መሄድ አለበት የሚባልበት ዘመን ማለፍ አለበት። የትም ይሠራ ግን፣ የዞኑም ሆነ የየወረዳው የውኃ ቢሮ ለምርመራ ገንዘብ ሲከፍል ውጤቱን ብቻ አይቀበል። የስታንዳርዶቹን ንባብ ከነቀሪ ልዩነታቸው ይጠይቅ፤ የናሙናው ንባብ በየትኞቹ ሁለት ስታንዳርዶች መካከል እንደወደቀ ይጠይቅ፤ ከሁሉም በላይ አለመሆኑን ያረጋግጥ። ይህ አንድ ገጽ ነው።

አንድ ፍላስክም ይጨመር። ከ100ው መፍትሔ አሥር እጥፍ ቀጥኖ 10 የሆነውን 1.5 ሚሊ ሊትር ወስዶ እንደ ሌሎቹ ማቅለምና በመጨረሻ እንደ ናሙና ማንበብ ነው። ፍላስኩ 0.15 ይይዛል፤ ልክ በደረጃው ጣሪያ ላይ ያለ፣ 0.3 የሆነ ውኃ ማለት ነው። ንባቡ 0.030 አካባቢ ይሆናል። በእስከ 4ቱ መስመር 0.28 ያህል ይወጣል፤ ይታለፋል። በዚያች R² 0.995 ባለች መስመር ግን የሚወጣው ከዜሮ በታች 0.13 ገደማ ነው። ያንን የሚያይ ባለሙያ ወረቀቱን አይፈርምም።